ስልኩ የሰጠኝ ዓይን

ጄኔቭ ከምትኖር አንዲት ሴት ጋር በስልክ ብቻ ስንጫወት ከርመን፣ ቅዳሜ ዙሪክ መጥታ ልታየኝ ተስማማች። «በፊት ግን ዓይንህ የሚታይበት ፎቶ ላክልኝ፤ እኔ ሰው የማውቀው በዓይኑ ነው» አለች። እኔ ደግሞ ዙሪክ አጠገብ ባለችው ኡስተር ከተማ ቤቴ ተቀምጬ ራሴን ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ መነጽሬ ላይ መብራት ያንጸባርቅበታል። ዓይን የለኝም፤ መብራቱን ያበራ አውቶቡስ ነው የምመስለው።

ከሳሎን ወጥ ቤት ስንቆራጠጥ ልጄ ስልኩን ነጠቀችኝ። «አባቢ፣ በቃ ቁጭ በል!» የስልኩን ፎቶ ማስተካከያ ከፍታ ነጸብራቁን በጣቷ ቀባችው፤ ጠፋ። በምትኩ ሁለት የሚያማምሩ ዓይኖች ብቅ አሉ። የግራ ዓይኔ ቆብ ከልጅነቴ ጀምሮ ወደ ታች የወረደ ነው፤ እዚህ ግን ፏ ብሎ ተከፍቷል።

«ይሄ ማነው?» አልኳት።

«ብርሃኑ ዓይንህን ጭራሽ ሸፍኖት ነበር። ከሥሩ የሚታይ ነገር ስላጣ ስልኩ ከራሱ ፈጠረልህ።»

ልልከው ቃጣኝ፤ ከአገር አንደኛ ቆንጆ ሆኜ ነበር። ግን ባቡር ጣቢያ ወርዳ ይህን ሰውዬ ብትፈልግ ከየት አመጣላታለሁ?

የጣሪያውን መብራት አጥፍቼ መስኮቱን በጎኔ አደረግሁ። ልጄ የመነጽሬን ክንዶች ከጆሮዬ ትንሽ ከፍ አድርጋ መስታወቱን ወደ ታች አዘነበለችው። ነጸብራቁ ሸሸ፤ የወረደው የዓይኔ ቆብም ቁልጭ ብሎ ታየ። ልጄ አነሳችኝ፤ ፎቶውን ላክሁት። መልስ እስኪመጣ ምንጣፉን በእግሬ ፈጨሁት።

«ግራው እንቅልፍ ይዞታል እንዴ?» ብላ ጻፈች። «በል ቅዳሜ ቀስቅሰህ ጠብቀኝ፤ እመጣለሁ።»