የፊታውራሪ ዳኜ መንጋጋ

እንግዳ ሰው መጥቶ «ጌጡ ሥራው ምንድን ነው?» ቢለን፣ ሳንዋሽ የምንመልሰው «ዘር ይቆጥራል» ብለን ነው። ማሽላ ይዘራል፣ ፍየሎችም አሉት፤ እነሱን የሚያያቸው ግን ከቆጠራው ጊዜ ሲተርፈው ነው። መንደራችን ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ወንዝ በሚያዘቀዝቀው ቁልቁለት ላይ ናት። ልጁን የሚድር ሰው ሁሉ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ መጀመሪያ ጌጡ ዘንድ ይሄዳል። ጌጡም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ጣቱን እያጠፈ፣ የሰውየውን አያትና ቅድመ አያት እስከ ሰባት ቤት ይጠራል። በዚህ አልወቅሰውም፤ ሲሳሳትም አላየሁትም። የሚያናድደኝ የማንም ሰው ቆጠራ መጨረሻው ላይ ታጥፎ ወደ ጌጡ ቅድመ አያት፣ ወደ ፊታውራሪ ዳኜ መግባቱ ነው።

ጌጡ እንደሚለው ፊታውራሪ ዳኜ በድንበር ጠብ ብቻቸውን ገደል ወርደው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ተዋግተው፣ ጥርሳቸውን እንደነከሱ ሞቱ። ሬሳቸው አልተገኘም። «ሬሳቸው ካልተገኘ ጥርሳቸውን መንከሳቸውን ማን አየ?» ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄው ሁለት ፋሲካ ሙሉ አኩርፎኛል። ነፍሷን ይማርና እናቴ ግን፣ ፊታውራሪው ሸዋ ሮቢት ወርደው ሌላ ሚስት አግብተው ነው የቀሩት ትል ነበር።

ይህ ሁሉ ወሬ ሆኖ ቢቀር ማንንም አይጎዳም ነበር። የጎዳው የጥሩሸዋን ማሳ ሲነካ ነው። ጥሩሸዋ የጌጡ ታናሽ ወንድም የወንድምአገኝ ሚስት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ከምንጩ በታች ያለውን ማሳ በእኩል እያሳረሰች ሁለት ሴት ልጆቿን ታሳድጋለች። ከዚያ ማሳ ሌላ የሚያበላት መሬት የላትም። ጌጡ ማሳውን ይመኘዋል። የይዞታ ደብተሩ ላይ ግን የጥሩሸዋ ፎቶ ተለጥፏል፤ ቀበሌ ሄዶ ጠይቆ አፍሮ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ ማሳው ድንበር ላይ እየቆመ የሰው እርሻ ማየት ልማዱ ሆነ።

በሚያዝያ፣ ለማሽላው መሬቱ ሲታረስ፣ የጥሩሸዋ እኩል አራሽ ማሙሽ አንድ ድንጋይ ማረሻው ያዘበት። አነሳው። ጭብጥ የሚያህል፣ ጎበጥ ያለ ነገር ነው። በአንድ ጎኑ ላይኛውና ታችኛው ጥርስ እርስ በርሱ ገብቶ፣ ግጥም ብሎ የተነከሰ ይመስላል። ማሙሽ ትንሽ አገላብጦ አየውና ወደ ዳር ወረወረው። ጌጡ እንደ ልማዱ ድንበሩ ላይ ቆሟል።

«የወረወርከውን አንሳ» አለው። ማሙሽ አነሳ። ጌጡ ተቀበለው፤ አየው፤ ከዚያ ጋቢውን አውልቆ ጠቀለለው። «ፊታውራሪ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዛሬም እንደነከሱ ነዎት።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ዋንዛው ሥር ተቀመጡ። ጌጡ ጋቢውን ፈታ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ድንጋዩን ተሳለሙት። ጌጡ ንግግሩን ሳይዘጋጅበት አልቀረም።

«አጽመ ርስት የሚባለው ለምን ይመስላችኋል? አጽሙ ያረፈበት ርስት ማለት ነው። አጽሙ ይኸው፤ የቀረው ርስቱ ነው። እኔ የማንንም መሬት አልነጥቅም። ብቻ የአባቶቻችን መቃብር አይታረስ። ጥሩሸዋ ገደል አፋፍ ላይ ያለውን የእኔን ማሳ ትውሰድ። ይህን ደግሞ እንደ ታላቅነቴ እኔ ልጠብቀው።»

«አይታረስም ካሉ ጦሙን ያድር ይሆናላ፣ ጋሼ?» አለች ጥሩሸዋ።

«የሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ አይቆምም። ዳር ዳሩን ትንሽ ማሽላ ጣል ያደርግበታል።»

ሽማግሌዎቹ ይህን ሰምተው አልሳቁም። ሲሆን ሲሆን ጌጡን ሊገሥጹት ይገባ ነበር። እነሱ ግን መንጋጋው በክብር እስኪቀበር ድረስ ማሳው አይታረስ ብለው ወሰኑ። ገደል አፋፍ ያለውን ማሳ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፍየል እንኳ ተጠንቅቃ ነው የምትቆምበት። «ዝናቡስ?» አለች ጥሩሸዋ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እያራገፉ ተነሡ። እኔ በበኩሌ በንዴት ጥያቸው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጉዳዩን ያቆሙት አባ ወልደ አማኑኤል ናቸው። የደብራችን ቄስ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ጌጡ ለመንጋጋው ፍትሐት ይደረግልኝ ብሎ ሲሄድ መጀመሪያ የጠየቁት የፊታውራሪውን የክርስትና ስም ነበር። የአገሩን ሰው ሁሉ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው የገዛ ቅድመ አያቱን የክርስትና ስም አያውቅም።

«ስሙስ ይቆይ» አሉት አባ፣ «ሰው መሆኑን ማን አረጋገጠ? ፍትሐት የሚደረገው ለተጠመቀ ነው። ነገ የአህያ መንጋጋ ሆኖ ቢገኝ ሊቀ ጳጳሱ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም። የሚያውቅ ሰው ይየውና ይንገረኝ።»

የሚያውቅ ሰው ሩቅ አልነበረም። በየዓመቱ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ጀማ ገደል ይወርዳሉ። ድንጋይ ይፈነክታሉ፣ የገደሉን ንብርብር ያጠናሉ፤ እኛ ወርቅ ነው የሚፈልጉት እንላለን። ጌጡ ራሱ ወርዶ መምህርቷን ጋበዛት። እንዲያውም ለፊታውራሪው ተዝካር ጠላ አስጠምቆ፣ ፍየል አሳርዶ ነው የጠበቃት። በራሱ ለመተማመኑ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

መምህርቷ ጽናት ትባላለች፤ ፊቷ በፀሐይ የጠቆረ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። የሰዉን ፊት አየችና ድንጋዩን በሁለት እጇ ተቀበለች። ወዲያው ግን አልፈረደችም።

«የት ነው የተገኘው?» አለች።

ሁላችንም ተከትለናት ወደ ማሳው ወረድን። አፈሩን አየች፤ ከማሳው በላይ ወደተገተረው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ሄዳ በጣቷ ዳበሰች። ድንጋዩ ውስጥ ጠርዛቸው ብቻ ብቅ ያለ ቅርፊቶች ተሰክተዋል። በልጅነታችን እየፈለቀቅን የተጫወትንባቸው ናቸው፤ ምን እንደሆኑ የጠየቀ ግን አልነበረም። ከዚያ ተቀመጠችና አጉሊ መነፅሯን አወጣች።

«አባቴ፣ ይቅረቡ» አለችው ጌጡን። «ሰው ሲሆን እያንዳንዱ ጥርስ ለብቻው ነው፤ ሥር አለው፣ መንጋጋው አጥንት ውስጥ ይተከላል። ይሄንን ይዩት። ጥርስ የመሰለው የቅርፊቱ እጥፋት ነው። ከጀርባው ይነሣና ሳይቋረጥ እስከ ጠርዙ ይወርዳል። ላይኛው እጥፋት ታችኛው ጎድጓዳ ውስጥ ስለሚገባ ነው የተነከሰ የሚመስለው።»

ጌጡ በመነፅሩ አየ። «መንጋጋ በዕድሜ ብዛት እንዲህ አይሆንም?»

«አጥንት ቢሆን የተሰበረው ጫፉ ላይ ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ ይታይ ነበር። ይሄ ስስ ሽፋን በሽፋን ላይ የተደራረበ ነው።» ከትንሽ ጠርሙስ አንድ ጠብታ አሲድ አደረገችበት። ድንጋዩ ሽሽ ብሎ አረፋ ደፈቀ።

ጌጡ ወደኛ ዞረ። ፊቱ በራ። «አያችሁ? ደማቸው እስከ ዛሬ ይፈላል።»

«ኖራ ያለበት ነገር ሁሉ እንዲህ ይፈላል፣ አባቴ» አለች ጽናት፤ ከማሳው ዳር አንድ ጠጠር አንሥታ እሱም ላይ ጠብ አደረገች። ጠጠሩም ፈላ። «መፍላቱ ብቻውን ምንም አያስረዳም። ሽፋኑ፣ እጥፋቱና የተገኘበት ድንጋይ አንድ ላይ ነው የሚናገሩት። ባሕር ውስጥ የሚኖር፣ ሁለት ቅርፊት ያለው እንስሳ ነው። ኦይስተር ይሉታል። ይህ አገር ባሕር ሥር በነበረበት ጊዜ የኖረ ነው።»

«ስንት ዓመት ይሆነዋል?»

«ከመቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት በላይ።»

ጌጡ አንድ ጣቱን አጠፈ፤ ከዚያ መልሶ ዘረጋው።

«የኖኅ ውኃ ይሆን?» አሉ አባ ወልደ አማኑኤል።

«ዘመኑ ከዚያ በጣም ይርቃል፣ አባ» አለች ጽናት። «ውኃ መኖሩ ግን እርግጥ ነው።» አባ የመጀመሪያውን እንዳልሰሙ ሆነው በሁለተኛው ረኩ።

ጌጡ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። ድንጋዩን ከእጇ ወስዶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ አሳዘነኝ። ዕድሜውን ሙሉ ያልተገኘ ሬሳ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው።

«እሺ፤ ጠብ ላይ ካልሞተ ጥርሱን ለምን እንዲህ ነከሰ?»

«አልነከሰም። አፉን ዘግቶ ነው» አለች ጽናት። «የዚህ ዓይነት እንስሳ ሲሞት ሁለቱ ቅርፊቶች ይከፈታሉ። ይሄን ሳይከፈት ጭቃ ድንገት ስለቀበረው እንደተዘጋ ቀረ።»

ጥሩሸዋ እስከዚያ ድረስ ነጠላዋን አገጯ ላይ ይዛ ከኋላ ቆማ ነበር። ቀረብ ብላ ድንጋዩን አየችው።

«እንግዲያው የጋሼ ጌጡ ዘመድ አይደለም» አለች። «አፉን ዘግቷል።»

መጀመሪያ የሳቁት አባ ወልደ አማኑኤል ናቸው፤ በጋቢያቸው ጠርዝ ሊሸፍኑት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ድንጋዩን የተሳለሙት ሁሉ አሁን ከማንም በላይ ጮክ ብለው የሚስቁ እነሱ ሆኑ። ውሳኔያቸውን እዚያው ማሳው ላይ እንደቆሙ አነሡት። በማግስቱ ማሙሽ በሬዎቹን ጠመደ። ዝናቡ ጥቂት ቆይቶ ነበር የመጣው፤ ጥሩሸዋ ዘሯን ቀድማ ጨርሳ ጠበቀችው።

ፍየሉ ታርዷል፣ ጠላው ተጠምቋል፤ ስለዚህ ለማን ተዝካር እንደሆነ ሳንጠያየቅ በላን፣ ጠጣን። ጥሩሸዋ መምህርቷን ድንጋዩን ልስጥሽ ብትላት፣ መምህርቷ «ይህን የመሰለ ገደሉን ሞልቶታል፣ ፎቶ አንሥቻለሁ» ብላ ትታላት ሄደች።

ጌጡ ዛሬም ዘር ይቆጥራል። ባለፈው ጥር ለጎረቤታችን ልጅ ሲቆጥር አጠገቡ ነበርኩ። ስድስት ጣት አጥፎ ሰባተኛው ላይ፣ ድሮ ፊታውራሪ ዳኜ የሚመጡበት ቦታ ደረሰ። ቀና ብሎ አየን፤ እኛም አየነው። «ይበቃል፣ አይዛመዱም» አለና ጣቶቹን ዘረጋ።

ድንጋዩን ጥሩሸዋ በእሷና በጌጡ መሬት መካከል፣ ድንበሩ ላይ፣ ከምልክት ድንጋዮቹ አናት አስቀምጣዋለች። ጌጡ በየቀኑ በዚያ ያልፋል። ቆሞ ማሳ ማየቱን ግን ትቷል።