ሰባ ስምንት ሜትር

ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቦርሳ ተሸክማለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ኳስ ሣር ለሣር ፈልጋለች። ርቀትን በእርምጃዋ ለክታ ስለማትስት የጎልፍ ክለቡ ሰው ሁሉ «ሜትር» ይላታል። ዛሬ ግን የምትመታው የራሷን ኳስ ነው። የሠራተኞች ውድድር ነው፤ ያሸነፈ ክለቡን ወክሎ ሌላ ከተማ ሄዶ ይጫወታል። ዋና ተፎካካሪዋ ሣር አጫጁ ጨርሶ የመጨረሻው ጉድጓድ ባንዲራ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ከቆመችበት በሁለት ምት ጉድጓዱ ውስጥ ካስገባች ታሸንፈዋለች።

ቦርሳዋን የተሸከመላት ባሏ ነው፤ የክለቡ ዱላ ጠጋኝ።

«እስከ ባንዲራው ስንት ነው?» አላት።

«ሰባ ስምንት» አለችና ፊቷ ጠቆረ።

የዱላው ፊት ወደ ኋላ በተጋደመ ቁጥር ኳሱ ወደ ሰማይ ይወጣል እንጂ ሩቅ አይሄድም። ለአጭር ርቀት አራት ዱላ አላት፤ ፒቺንጓ አርባ አራት ዲግሪ ነው፤ ዘጠና ሜትር ይወስድላታል። ጋፑ ሃምሳ ሁለት ዲግሪ፣ ሰባ አራት ሜትር። ሳንዱ ሃምሳ ስድስት ዲግሪ፣ ስድሳ ስድስት ሜትር። ሎቡ ስድሳ ዲግሪ፣ ሃምሳ ስምንት ሜትር። ከጋፑ በታች ያሉት በአራት አራት ዲግሪ ተከታትለው ሲሄዱ፣ በፒቺንጉና በጋፑ መካከል ግን የስምንት ዲግሪ ገደል ነበር። ሰባ ስምንት ሜትር እዚያ ገደል ውስጥ ወድቃ የቀረች ቁጥር ናት። አምናም ካቻምናም እዚችው ቦታ ላይ ፒቺንጉን አለሳልሳ መታችና ከባንዲራው ወዲህ ያለው ኩሬ ኳሷን ዋጠባት።

እጇ ወደ ፒቺንጉ ሲሄድ ባሏ ቦርሳውን ዞር አደረገባት።

«የኔ ዓለም፣ አንድ ነገር ብነግርሽ አትቆጪም?»

«አሁን?!»

«ማክሰኞ ጋፑን ማጠፊያው ላይ አሰርኩት። ሁለት ዲግሪ ቀና አደረግኩት፤ ሃምሳ ሆኗል። ከፒቺንጉም ስድስት፣ ከሳንዱም ስድስት!»

«ዱላዬን እንዳትነካ ስንቴ ነው የነገርኩህ?»

«ከሠርጋችን ጀምሮ። ላስደንቅሽ ብዬ እኮ ነው፤ ከዚያ ፈራሁሽ። ላንቺ አንድ ዲግሪ ሁለት ሜትር ነው። ሁለት ዲግሪ…»

«…አራት» አለች ሳታስበው። ሰባ አራትና አራት!

«ኧረ እናንተ ባልና ሚስት፣ ቤታችሁ ጨርሱት!» ብሎ ሣር አጫጁ ከወዲያ ማዶ ጮኸ።

«ውሃ ከገባ ግን» አለችው፣ ጋፑን ስትመዝ ሳቋ እያመለጣት፣ «ዋኝተህ ታወጣዋለህ!»

«በልብሴ!»

ሳታለሳልስ፣ ሳትጨምር፣ እንደ ልማዷ መታች። ኳሱ ተነሣ፤ ልባቸውንም ይዞ ወጣ፤ ኩሬውን በጥላው ብቻ ነክቶት አለፈና ከባንዲራው ሁለት እርምጃ ርቆ ቁጭ አለ። ሣር አጫጁ ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ ጣለው።

ባልየው ቦርሳውን እንደ ከበሮ እየደበደበ ኩሬውን ዞሮ ዘፈነ፦

«ስምንት ዲግሪ ርቀን ኩሬ ለያየን፣
ስድስት ስድስት ሆነን ባንዲራ ሥር ታየን!»

«ዝም በል፣ አታስቀኝ! ገና አንድ ምት ይቀረኛል» አለችው። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋን ጠረገች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች። ባንዲራው ጋ ደርሳ ኳሱን በቀስታ ገፋችው። የጉድጓዱን ከንፈር አንዴ ዞረና ገባ።

ባሏ ሊያቅፋት ሮጠ። እሷ ግን ዓይኗን አጥብባ፦

«ሎቡንስ ነክተኸዋል?»

ቆመ። ከዚያ ዞሮ ሩጫውን ወደመጣበት አደረገው፤ እሷም እየሳቀች፣ ሎቡን መዝዛ ተከተለችው።