ክሬዲት የሌለው እሁድ

ሞኝነቱን የሠራሁት ዓርብ ዕለት ነው። ከጁምዓ ሰላት እንደተመለስኩ ለልጄ የሳምንት የጥናት ፕሮግራም ማስመር ጀመርኩ። ከባዱን ትምህርት፣ ስታቲስቲክስን፣ የት ብሰካው ጥሩ ነው? ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ! ራሴ መስጊድ በቆምኩበት ሰዓት።

ከሚሴ ውስጥ ስንት ዓመት የመምህራንን ክፍለ ጊዜ ስደለድል የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ ስንቱ መምህር እንደረገመኝ አላህ ይወቀው። ልጄ ደሴ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። በዚያ ሰሞን ዋርኒንግ ወጥቶባት ነበር። ስታቲስቲክስን ከወደቀች መባረሯ ነው።

እሁድ እንደ ልማዷ መጣች። ወረቀቴን አየችና ሳቀች።

«አባ፣ ይሄ እኮ የሰባተኛ ክፍል ነው። የምበላው መቼ ነው?»

«በዕረፍት ሰዓት።»

«ዕረፍቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ከግቢ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ ብቻ ሃያ አምስት ይፈጃል። ስግደቱንም ረስተኸዋል። ደወሉን ደግሞ አንተ መጥተህ ልትደውል ነው?»

ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው ጀመረች። መጀመሪያ የማይነቃነቀውን ጻፈች፦ ጠዋት ጠዋት ትምህርት፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከዘጠኝ እስከ አንድ ሥራ፤ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሥራ። ቀጥላ መንገዱን፣ ሰላቱን፣ ምግቡን፣ እንቅልፉን። ከተረፈው ላይ የየቀኑን ማስታወሻ በዚያው ቀን የምታይበትን አንድ አንድ ሰዓት ቆረጠች። ለስታቲስቲክስ ግን ቁርጥራጭ አይበቃም፤ ያልደከመ ጭንቅላትና ረጅም ሰዓት ይፈልጋል። እስክሪብቶው እሁድ ላይ ደርሶ ቆመ።

«እሁድ ባዶ ነው» አልኩ።

«አይደለም። አንተ አለህ።»

«እኔ ምን ክሬዲት አለኝ?»

አልሳቀችም። እስክሪብቶውን ተቀብያት ራሴ ጻፍኩት፦ ከሦስት እስከ ስድስት ስታቲስቲክስ፤ ከስምንት እስከ አሥር ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች፤ ከዚያ አንዲት ባዶ ሰዓት፣ በሳምንቱ ለተጓደለው ማካካሻ።

«አባ፣ አንተስ እሁድ ምን ልትሠራ ነው?»

«ልተኛ ነዋ!»

የት ተኝቼ! እሁድ እሁድ ፀጉሬን ተላጭቼ መናኸሪያ እሄዳለሁ፤ ከደሴ የሚመጡትን ሚኒባሶች እያየሁ እቆማለሁ። እንደማትመጣ እያወቅሁ። አንድ ቀን ልጄን ከደሴ ሲያመላልሳት የነበረው ረዳት፣ «ፋዘር፣ ሰንበቴ ገበያ ነዎት? አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ!» ቢለኝ፣ ምን እንደምጠብቅ ከመናገር ይሻላል ብዬ ገባሁ። ሰንበቴ ከተማ ወርጄ ከእሁዱ ገበያ የአንድ ግመል ዋጋ ጠይቄ፣ ባለቤቱን በከንቱ አስለፍልፌ ተመለስኩ። ቤት ስገባ ይሄን የማወራለት ሰው አጣሁ።

ሰኔ ላይ ደወለች። «አለፍኩ አባ! ሲ ነው፣ ግን አለፍኩ!» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ረዳቱ ነግሮኛል፤ መናኸሪያ ቆመህ እንደምትውል። አሁን ያንተን ሳምንት ሠርተህ አሳየኝ፤ ቃል ግባልኝ» አለች።

ቃል ገባሁ። ሰባት ረድፍ አሰመርኩ። ሰኞ ላይ «ንባብ» ብዬ ጻፍኩ፣ መነጽሬ መሰበሩ ትዝ ሲለኝ ሰረዝኩት። ማክሰኞ ላይ ጎረቤት መጠየቅ አልኩ፣ እሱም ልጆቹ ዘንድ ሄዷል። ልጄ እስካሁን በደወለች ቁጥር ትጠይቀኛለች፤ እኔም ያንን ባዶ ወረቀት አላሳየኋትም።