ቅባቱን ያቆምኩ ሰሞን

ጅቡቲ፣ ሆዳን ሰፈር በሞግዚትነት ስሠራ የምድጃ ሙቀት ወይም ፀሐይ በነካኝ ቁጥር ጉንጬና አፍንጫዬ ፍም ይመስሉ ነበር። ከገበያ የገዛሁት ቅባት ለጥቂት ወራት አስታገሰልኝና ከዚያ ጭራሽ አባሰው።

የቆዳ ሐኪሙ፣ «ሮዛሺያ የሚባል ፊት የሚያቀላ የቆዳ ሕመም ነው። አይተላለፍም፤ ግን አብሮሽ ይኖራል። ቅባቱ ለጊዜው አስታግሶ ኋላ ቆዳ የሚጎዳ ስቴሮይድ አለበት፤ ተዪው። መጀመሪያ ይብስብሻል፤ የማዝልሽን ጄልና ክኒን እየወሰድሽ ለወራት ታገሺ። ከሙቀት ራቂ» አለኝ።

ጅቡቲ ውስጥ ከሙቀት ወዴት ነው የሚራቀው?

ቅባቱን ባቆምኩ በሁለተኛው ሳምንት ፊቴ አብጦ በብጉር ተወረረ። አሠሪዬ ማዳም ይጋባበታል ብላ ሕፃኑን ከእጄ ነጠቀችኝ። «አይተላለፍም» ብዬ ብምልላትም አልሰማችኝም። ልጁ ከበሩ ማዶ እኔን ሲፈልግ፣ ሲያለቅስ ዋለ።

በማግስቱ ያንኑ ቅባት ገዛሁ። ሳምንት ሳይሞላ ፊቴ ጠራ፤ ልጁንም መለሰችልኝ። ቅባቱ እንዳይነካው ጉንጬን ከጉንጩ አርቄ ታቀፍኩት።