ጦርነት ልበል?

በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ላይ ለአንድ ጣሊያናዊ የመድን ወኪል አስተርጓሚ ነበርኩ። አንድ የመናዊ ነጋዴ ሱቁንና የጭነት ማኪናውን መድን ሊያስገባ መጣ። ወኪሉ የእሳቱን መድን ዋጋ ከነገረው በኋላ፣ «የሁከት መድን ግን ለብቻው ነው፤ ተጨማሪ ያስከፍላል» አለ።

«ምነው? እሳት እሳት አይደለም እንዴ?»

«አንድ ሱቅ ቢቃጠል የሌሎቹ መዋጮ ይክሰዋል። ሁከት ሲነሣ ግን ገበያው ባንድ ቀን ይነዳል። ያኔ ማን ለማን ይከፍላል?»

ጣሊያንን ማመን ባልወድም ነገሩ እውነት ነበረው። ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱ ከተቃጠለበት ማን ማንን ያስጠጋል? ነጋዴው ጨምሮ ከፈለ።

ክረምቱ እንደወጣ አርበኞች ማኪናውን ከከተማው ውጪ ኮሶዬ ላይ አቃጠሉበት። አርበኞች የምላቸው ዛሬ ነው፤ ያኔ ቃሉ ያሳስር ነበር። አዋጁ ዘወትር «አገሩ ሰላም ነው፤ የቀሩት ጥቂት ሽፍቶች ናቸው» ይል ነበር።

ነጋዴው የሁከት መድን ወረቀቱን ይዞ ካሣ ሊጠይቅ ሲመጣ ወኪሉ ራሱን ነቀነቀ።

«ሁከት ማለት የገበያ ረብሻ፣ የሠራተኛ አድማ ነው። ይሄ በመንግሥት ላይ የተነሣ ጦርነት ነው። ጦርነትን ጨምረህ ብትከፍልም አንሸፍንም።»

አዋጁን አስቤ፣ ከመተርጎሜ በፊት ወደ ወኪሉ ዞርኩ። «ጦርነት ልበል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«በል!» ብሎ ጮኸብኝ።

አልኩ። ነጋዴው ፊቱ ጠቆረ። «ለአዋጁ ሽፍታ፣ ለእኔ ሲሆን ጦርነት?» አለ።

ስለ ማኪናው አዘንኩለት። ግን አገሬ ገና እንዳልተሸነፈች ከጣሊያን አፍ የሰማሁት ያን ቀን ነው።