ዓመት የሌለው አንቀጽ

ሥራው ለሁለት ተሰጠን፤ ለእኔ ለአማርኛ አስተማሪዋና ጋሼ ለምላቸው የታሪክ አስተማሪ። ለአምስተኛ ክፍል የክፍለ ሀገር ፈተና አንድ የንባብ አንቀጽ ከነጥያቄዎቹ እንድናዘጋጅ ነበር የታዘዝነው። ርእሱ ከላይ ተመርጦ መጥቷል፦ በንጉሡ ዘመን በወሎ የደረሰው ረሃብ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሽር ጉድ የሚባልበት ጊዜ ስለነበር፣ የድሮውን መንግሥት የሚያሳጣ ነገር ሁሉ ይፈለግ ነበር። ችግሩ ዝናቡ ዘንድሮም መቅረቱ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጮክ ብሎ የሚናገር ግን የለም።

ጋሼ የደሴ፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ናቸው። አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ ላይ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ እሳቸው ግን ንግዱን ትተው ጠመኔ ያዙ። ጽሑፍ ላይ ጨካኝ ናቸው። እኔ «አሰቃቂ» ብዬ ስጽፍ ይሰርዛሉ፤ «ግፈኛ» ብል ይሰርዛሉ።

«ወላሂ፣ አሰቃቂነቱን ልጁ ራሱ ይድረስበት እንጂ አንቺ አትንገሪው» ይሉኛል። «አንቺ የሆነውን ብቻ ንገሪው። ፍርዱን ለሱ ተዪለት።»

እኔ ደግሞ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ አፌ ላይ የመጣውን ተናግሬ ነው የምፀፀተው። ሆኖም በዚህ ነገር እውነታቸውን እንደሆነ ቀስ እያለ ገባኝ። አንቀጹ ተራቁቶ ሲያልቅ እንዲህ ሆነ፦ ዝናቡ ቀረ። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ከብታቸውን ሸጡ። ቀጥሎ ወደ አውራ ጎዳናው ወጡ፤ ብዙዎችም ከአካባቢው ተሰደዱ። የዘውዱ መንግሥት ረሃቡን ሳይገልጽ ቆየ። በኋላ እህል የጫኑ መኪኖች መጡ።

ጥያቄዎቹ በሦስት ደረጃ ተከፈሉ። ለቀላሉ መልሱ አንድ መስመር ላይ ቁጭ ብሏል፦ ገበሬዎቹ መጀመሪያ ምን ሸጡ? ለመካከለኛው ሁለት ቦታ አንብቦ ማገናኘት ያስፈልጋል፦ መኪኖቹ ከመምጣታቸው በፊት ሰዎቹ ምን አደረጉ? ለከባዱ መልሱ የትም አልተጻፈም፤ ምልክቱ ግን አለ፦ ይህ የሆነው መቼ ነው? ከምን አወቃችሁ? ለዚህ ስንል ዓመተ ምሕረቱን ሆን ብለን ተውነው። «የዘውዱ መንግሥት» የሚለውን ያየ ልጅ ዘመኑን ይደርስበታል ብለን ነው። ጋሼ በዚህች ጥያቄ እንደ ልጅ ነበር የተደሰቱት።

ጽሑፉን የሚያጸድቀው ካድሬ እግሩን አነባብሮ አነበበው። መጀመሪያ «ረሃብ» የሚለውን እየፈለገ «ድርቅ» አደረገው። ቀጥሎ ስለ ዘውዱ መንግሥት የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር በቀይ ሰረዘው።

«ጓድ፣ ይሄ እኮ የድሮውን መንግሥት ነው የሚለው» አልኩት።

«መንግሥትና ዝምታ አንድ ላይ እንዲነበብ አልፈልግም። በተለይ ዘንድሮ።»

ጋሼ በትሕትና ሞከሩ። «እሱ ዓረፍተ ነገር ከወጣ ከባዱ ጥያቄ ይወድቃል። ዘመኑም ይጠፋል። ቢያንስ ዓመተ ምሕረቱን እንጻፈው።»

«ዓመቱ ከተጻፈ ከዘንድሮ ጋር ማወዳደር ይመጣል» አለና ወረቀቱን ገፋልን። «እንዲሁ ጥሩ ነው። አጭር ነው።»

ደሜ ፈላ። ጋሼ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጥ አደረጉኝ፤ አፌን ዘጋሁ። ስንወጣ «አብሽሪ» አሉኝ፤ «የወሎ ልጅ ያ ነገር መቼ እንደሆነ አይጠፋውም።» እኔም አመንኳቸው። ልጆቹ ያኔ ገና የተወለዱ ወይም ያልተወለዱ እንደነበሩ የሁለታችንም ልብ አላሰበም።

ፈተና ከመታተሙ በፊት አንድ ክፍል ላይ ይሞከራል። የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሞከርነው፤ ልጆቹም ጥሩ ሠሩ። ወረቀቱን ሰብስበን ወደ ደሴ ተመለስን።

ጥቂት ጥያቄዎች አስተካክለን ከሳምንታት በኋላ ለሁለተኛ ሙከራ ስንመለስ፣ አንዲት ልጅ በር ላይ ጠበቀችን። ኮምቦልቻ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች፤ ቤተሰቦቿ ደጋን በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ናቸው።

«መምህር» አለቻቸው ጋሼን፣ «መኪኖቹ እኛ ጋ መቼ ነው የሚደርሱት?»

«የምን መኪኖች?»

«እህል የጫኑት። ወረቀቱ ላይ ያነበብነው። ለአባቴ ነግሬው እየጠበቀ ነው።»

ጋሼ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ከልጅቷ ጥቂት በጥቂት አወጣነው። አባቷ በሬውን ሸጦ፣ በብሩ ቤተሰቡን አሳፍሮ ጅማ ወዳሉ ዘመዶቹ ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። እሷ ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ ባለው ቅዳሜ ቤት ገብታ፣ ከደሴ በመጣ የመንግሥት ወረቀት ላይ እህል እንደመጣ አነበብኩ አለች። አባት በሬውን ከገበያ መንገድ መለሰው።

«ያ የድሮ ነው እኮ!» አልኳት፤ ድምፄ ከቁጣ አልተለየም መሰለኝ፣ ልጅቷ ወደ ኋላ አለች።

«የድሮ አይልም» አለች ቀስ ብላ።

እውነቷን ነው፤ አይልም።

ሙከራውን ትተን፣ ልጅቷን ይዘን በጭነት መኪና ደጋን ወረድን። ከአስፋልቱ በእግር ስንደርስ አባትዬው ደጅ ላይ ነበር። ጋሼ «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። ሰውየው ሰላምታውን መልሶ፣ ኮታቸውን አየና የመንግሥት ሰዎች መስለነው ፊቱ በራ።

«መጣችሁ? አልሐምዱሊላህ! እህሉ የታለ?»

ጋሼ ነገሩት፤ ጽሑፉ ያለፈውን ረሃብ እንደሚናገር፣ ለፈተና እንደተጻፈ፣ መኪና ይመጣል ያለ ሰው እንደሌለ። ሰውየው አልጮኸም፤ ቢጮኽብን በወደድኩ።

«ኧረ ጋሼ፣ መኪናማ አይቻለሁ» አለ። «በየቀኑ ያልፋል። ይቆማል ብዬ ነው እንጂ።»

«አሁንም በሬውን ይሽጡና ይሂዱ» አልኩ፤ ከኪሴ ሳይሆን ከአፌ የምሰጠው ይኸው ብቻ ነበር።

ወደ ጓሮ ወሰደን። በሬው ተኝቷል። ሰውየው በጅራቱ በኩል፣ ጋሼ በቀንዱ በኩል ይዘው ሊያነሡት ሞከሩ፤ እኔም ገፋሁ። የፊት እግሮቹን አጠፍ አድርጎ ትንሽ ከፍ አለና መልሶ ተኛ። ልጅቷ ቆማ ታያለች።

«እኔ ያን ጊዜ ጅማ ዘመዶቼ ዘንድ ነበርኩ፤ እርስዎ እዚሁ ነበሩ መቼም» አላቸው ሰውየው ለጋሼ፣ እጁን እያራገፈ። «መኪናው ሲመጣ፣ የጠበቀው ሰው ደረሰለት?»

ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። «አላህ ያውቃል» ብቻ አሉ።

ደሴ ተመልሰን ካድሬው ዘንድ ገባን። ዓመተ ምሕረቱ ይግባ ብለን ለመንነው፤ እኔ እንኳ ለመንኩ። የማባዣው ስቴንስል ተቆርጧል አለን። ማን ምን እንደሆነ ብንነግረው «ወሬ ነው» አለ፤ ጋሼንም የማን ወሬ እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቃቸው። ከዚያ በኋላ ዝም አልን። ፈርተን ነው።

ፈተናው እንዳለ ወጣ። የኮምቦልቻው ወረቀት ለእርማት የደረሰው ለእኛ ነበር። የልጅቷን ወረቀት ሳይ፣ ለፈተናው መድረሷ ብቻ እፎይ አሰኘኝ። ቀላሉን ጥያቄ መልሳለች። መካከለኛው ላይ ስደርስ ግን፣ መኪኖቹ ከመምጣታቸው በፊት ሰዎቹ ምን አደረጉ ለሚለው፣ በተስተካከለ እጅ ጽሑፍ «ጠበቁ» ብላለች።

ወረቀቱን ለጋሼ ሰጠኋቸው። እኛ ራሳችን የጻፍነው የመልስ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ነው፦ ከብታቸውን ሸጠው ተሰደዱ።

«በአንቀጹ መሠረት...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ወረቀቱን መለሱልኝ። እኔም ኤክስ አደረግሁበት።