ያልተነፋው ክላክስ

ደብረ ማርቆስ ላይ ወረቀት ይዞ የተጨነቀ ሰው ወደ ያለምወርቅ ይላካል። ሃያ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ታይፕ ስትቀጠቅጥ ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ ከአንድ ኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ማዶ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ያላት ጠባብ ሱቅ ከፈተች። «በእጄ ያለፈ ወረቀት አይመለስም!» ትላለች። ጉራ ነው እንዴ? ይሁን፤ ሠርታ ያገኘችው ጉራ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንተነህ መጣ። የአምበር መስመር ሚኒባስ ባለቤትም ሹፌርም እሱው ነው። ግራ እጁ በጄሶ ታስሯል።

«እትዬ፣ ይቺን ብቻ ይተይቡልኝ። ዛሬ ካላስገባሁ ቀኑ ያልፍብኛል» አላት፤ በእጁ የጻፈውን የአደጋ መግለጫ አቀበላት።

«ሳላነብ አልተይብም። ተቀመጥ።»

መኪናዋ አፍንጫዋ ተጨፍልቆ ጋራዥ ቆማለች። ኢንሹራንሱ አላሠራም ካለ አለቀ፤ ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ ሥራ የለውም።

ያለምወርቅ አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉድ ነህ! የሚነዳው ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ!»

«ወረቀትህ እንዲያ አይልም። ስማ፦ ‹እጄ ስለተሰበረ ረዳቴ ምስጋናው መሪውን ያዘ። አህዮች ድንገት መንገድ ገቡ። እሱም ወደ ቀኝ ሲጠመዝዝ ቦይ ውስጥ ገባ።› ምስጋናው መንጃ ፈቃድ አለው?»

አንተነህ ፊቱ አመድ መሰለ። ምስጋናው መንጃ ፈቃድ የለውም። መሪውን የያዘውም አደጋው ከደረሰ በኋላ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ለክቶ አንሡ ካለ ወዲያ፣ ሰው እየገፋ መኪናዋን ከቦዩ ሲያወጣት ነበር። አንተነህ ግን ያመመውን አስቀድሞ ጻፈ፤ እጁን።

እሷ ነጭ ወረቀት አወጣችና መሐሉን ከላይ እስከ ታች አሰመረች። በመስመሩ ግራ ሰዓቱን፣ በቀኙ የሆነውን ጻፈች። በመግለጫው ውስጥ «እሱ» ባለበት ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ከበበችና ከላዩ ስም አስጻፈችው። አህዮቹ፣ መጠምዘዙ፣ ቦዩ፣ እጁ፣ ፖሊሱ፣ በመጨረሻም ምስጋናው፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ።

ከዚያ አብሮ ያመጣውን የፖሊሱንና የሆስፒታሉን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋች። አንተነህ አደጋው የደረሰበት ብሎ የጻፈው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ሆስፒታሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተቀብሎታል፣ በእኛ ዘጠኝ ከሩብ መሆኑ ነው። ይሄ ልክ ነው። ቀኑ ግን አልገጠመም።

«ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ትላለህ። ሁለቱም ወረቀት አሥራ ሦስት ይላል።»

«የሚካኤል ለታ ነው እትዬ! የሚካኤልን ማኅበርተኞች ጭኜ ስሄድ ነው። እንዴት ይጠፋኛል?»

«ሚካኤል አሥራ ሁለት፣ ቅዳሜ ዋለ። ቅዳሜ ገበያችሁ አይደል? ማኅበሩን መቼ አወጣችሁት?»

አንተነህ ግንባሩን መታ። ገበያው እንዳያመልጣቸው ማኅበሩን ለእሑድ አዛውረውት ነበር። ለእነሱ ማኅበሩ የወጣበት ቀን ሁሉ ሚካኤል ነው።

«ማኅበር ካልክ ጠላም አለ። ቀምሰህ ነበር?»

«ኧረ በሚካኤል! ገና ስንሄድ እኮ ነው።»

«ደግ። እንዲያው ይጻፍ።»

ተይባ ጨርሳ ልታትም ስትል አንተነህ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክላክስ አድርጌ ነበር የሚል ያስገቡልኝ። ሌሎቹ ሹፌሮች ያለዚያ አይከፍሉህም አሉኝ።»

«አድርገሃል?»

አንተነህ ጄሶውን አየ። «ጊዜ የት አገኘሁ?» አለ።

«እንግዲያው አልጽፍም። እኔ የሆነውን አስተካክላለሁ፤ ያልሆነውን አልወልድም! ካልፈለግህ ወረቀትህን ይዘህ ሂድ።»

ተናደደ። እስከ በሩ ሄደ። ተመልሶ ፈረመ፤ «ጉድ ሠሩኝ» እያለም መንገዱን ተሻገረ።

ኢንሹራንሱ ውስጥ የካሳ ሠራተኛው አቶ አንሙት መግለጫውን ከመዝገቡ ጋር መስመር በመስመር አመሳከረ። አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አቁሞ ቀና አለ።

«ክላክስ አላደረግህም?»

አንተነህ በር በሩን አየ። «አላደረግሁም። ጊዜ አልነበረኝም።»

አንሙት ከመዝገቡ አንድ ወረቀት መዘዘ። ያን ቀን ከማኅበርተኞቹ ጋር ፊት ወንበር ተሳፍራ የነበረችው ነጋዴ ከሪማ ለፖሊስ የሰጠችው ቃል ነበር። «‹አህዮቹ ድንገት ገቡ፤ ክላክስ እንኳ የሚያደርግበት ጊዜ አልነበረም› ትላለች። አደረግሁ ብለህ ቢሆን ኖሮ የቀረውንም ባላመንኩህ። ማን ጻፈልህ?»

«እትዬ ያለምወርቅ።»

«ገብቶኛል» አለና አንሙት ማኅተሙን አነሣ።

በየካቲት ሚኒባሷ አዲስ አፍንጫ አውጥታ መስመር ገባች። አንተነህ በያለምወርቅ ሱቅ ፊት ባለፈ ቁጥር ሁለት ጊዜ ረዘም አድርጎ ክላክስ ያደርጋል። ሰፈሩ ይደነግጣል፤ ደንበኞቿ ጆሯቸውን ይይዛሉ።

«አሁን ነው እንዴ የምትነፋው፣ አንተ ጉደኛ!» ትላለች ያለምወርቅ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን እያወዛወዘችለት። ኩራቱ ግን ፊቷን ሙሉ ይዞታል፤ ልደብቀውም አትልም።